ስንት ክፍል አደረ፣ ስንት ብር ገባ

ባለ 40 ክፍል ሆቴል 30 ቀን ባለው ወር ለሽያጭ የሚያቀርበው 1,200 የክፍል ሌሊት ነው። ከመዝገቡ የሚቆጠረውም እንግዳው ያደረበት ሌሊት እንጂ የተያዘው ቦታ ብዛት አይደለም፤ የተሰረዘው ይወጣል። በ28 ገብቶ በተከታዩ ወር በ2 የሚወጣ እንግዳ ሦስት ሌሊቱ ለዚህ ወር፣ አንዱ ለቀጣዩ ይጻፋል። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ የመውጫ ቀን እንደ ሌሊት ከተቆጠረ፣ ሥራ በበዛበት ሰሞን የተያዙት ክፍሎች ከ100 በመቶ በላይ ሆነው ይታያሉ።

780 ሌሊት ቢሸጥ ከክፍሎቹ 65 በመቶው ተይዘዋል ማለት ነው። ቫትና ቁርስ ተቀንሶ የክፍል ገቢው 1,560,000 ብር ከሆነ፣ ለተሸጡት ሲካፈል አማካይ ዋጋው 2,000 ብር ነው። ለ1,200ው ሲካፈል ግን 1,300 ብር ይደርሳል። ይበልጥ ሊታመን የሚገባው ይኸኛው ነው፦ ዋጋው ወደ 1,500 ብር ወርዶ 80 በመቶው ቢያዝ፣ ሆቴሉ ሞቅ ያለ ቢመስልም ለእያንዳንዱ ክፍል የሚደርሰው ወደ 1,200 ብር ይቀንሳል።