ሳይፈለግ የተገኘው እብጠት

አድሬናል የሚባሉት ሁለት ዕጢዎች በኩላሊቶች አናት ላይ እንደ ቆብ ተደፍተው ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው አምስት ግራም ገደማ ቢመዝኑም ኮርቲሶልን፣ አልዶስትሮንን፣ አድሬናሊንንና ሌሎች ሆርሞኖችን የሚያመነጩት እነሱ ናቸው። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሆርሞን አመንጪውን አካልም፣ በአካል ላይ የሚበቅለውን ያልተፈለገ ነገርም ስለሚጠራ «አድሬናል ዕጢ ላይ ዕጢ ታይቷል» የተባለ ታካሚ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እዚህ ላይ አካሉ ዕጢ፣ የበቀለበት ደግሞ እብጠት ይባላል።

ይህ እብጠት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ለሆድ ሕመም፣ ለኩላሊት ጠጠር ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ሲቲ ስካን ይነሣል፤ ውጤቱ ላይ ማንም ያልጠበቀው አንድ መስመር ይጨመራል። ዲያሜትሩ አንድ ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ እብጠት ክትትል ይገባዋል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ አብዛኛውም ካንሰር ያልሆነ፣ ሆርሞንም የማያመነጭ ነው። ቢሆንም ሐኪሙ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። አንደኛው፣ እብጠቱ ካንሰር ሊሆን ይችላል ወይ? ሁለተኛው፣ ሆርሞን ያለ ልክ እያመነጨ ነው ወይ? አንዱ ሲመለስ ሌላው አይመለስም፤ ካንሰር ያልሆነ እብጠትም ሆርሞን ሊያመነጭ ይችላልና።

ነገሩን በምሳሌ መከተል ይቀላል። አንዲት የ54 ዓመት ሴት የጎን ውጋት ይዟቸው ሲቲ ስካን ተነሡ እንበል። የደም ግፊት አለባቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመሩም ሦስተኛ ወራቸው ነው። ምርመራው የኩላሊት ጠጠር አሳየ፤ በግራ አድሬናል ላይ ደግሞ 2.4 ሴንቲሜትር የሆነ እብጠት።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ራሱ ሲቲ ስካኑ ነው። መሣሪያው እያንዳንዱ የአካል ክፍል ጨረርን ምን ያህል እንደሚያስቀር ለክቶ ሃውንስፊልድ በሚባል መለኪያ ቁጥር ይሰጠዋል። ውሃ ዜሮ ነው፤ ስብ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አድሬናል ሆርሞኖቹን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ስለሆነ፣ ከዕጢው የተለመዱ ሴሎች የበቀለ ጉዳት የሌለው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ስብ ያከማቻል፤ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። እብጠቱ ወጥ መልክ ኖሮት ቁጥሩ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር አይደለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ እንዲህ ላለው እብጠት፣ መጠኑ ምንም ይሁን ምን፣ ተጨማሪ ምስል አያስፈልግም ይላል። ይህ ቁጥር የሚታመነው ግን የንፅፅር ፈሳሽ በደም ሥር ሳይሰጥ በተነሣ ምስል ላይ ብቻ ነው። ፈሳሹ ከተሰጠ በኋላ ጉዳት የሌለው እብጠትም ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ለኩላሊት ጠጠር የሚደረገው ሲቲ ስካን ብዙውን ጊዜ ያለ ፈሳሽ ስለሆነ የሴትዮዋ ምስል እንደገና መነሣት አላስፈለገውም። ቁጥሩ 6 ነበር።

መጠን ዋጋ የሚያገኘው ቁጥሩ ከፍ ሲል ነው። ከአድሬናል የሚነሣ ካንሰር እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ ሲሆን፣ ሲገኝም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሴንቲሜትር በልጦ ነው። ስለዚህ 4 ሴንቲሜትር እንደ ማስጠንቀቂያ ወሰን ተወስዷል፦ ከዚያ የደረሰ ወይም ያለፈ፣ ቁጥሩም ከ20 በላይ የሆነ ወይም መልኩ የተዘበራረቀ እብጠት በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከ4 ሴንቲሜትር ያነሰና ቁጥሩ ከ11 እስከ 20 የሆነ ግን ወዲያው በሌላ ዓይነት ምስል ይጣራል፣ ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ይታያል። በሁለተኛው ምስል አደገ የሚባለው ከ20 በመቶ በላይ ጨምሮ፣ ጭማሪውም ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ሲሆን ነው። ከ20 ወደ 22 ሚሊሜትር መሄድ የአለካክ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ከ10 በላይ በሆነ እብጠት ላይ አንድ ምርመራ ሊዘለል አይገባም። ፌዮክሮሞሳይቶማ የሚባለው እብጠት አድሬናሊንና መሰሎቹን በድንገት ወደ ደም የሚለቅ ነው፤ ታካሚውን ልቡ እየመታ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ራሱን እየፈለጠው ሊመጣና ሊሄድ ይችላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ምልክት አይሰጥም። የሚታወቀው ሜታኔፍሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በደም ወይም በሽንት በመለካት ነው። ይህ ሳይጣራ በመርፌ ናሙና መውሰድም ሆነ ቀዶ ሕክምና ማድረግ የደም ግፊትን ሕይወት እስከማሳጣት ሊያንር ይችላል። መኖሩ ከታወቀ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊት አልፋ ብሎከር የሚባል መድኃኒት ለቀናት ይወስዳል። የሴትዮዋ እብጠት በስብ የተሞላ ስለሆነ ይህ ምርመራ አያስፈልጋቸውም። የደም ግፊት ስላለባቸው ግን አልዶስትሮንና ሬኒን ተለኩ፤ ጥምርታቸው ትክክለኛ ነበር፣ ፖታሲየማቸውም አልወረደም።

ኮርቲሶል ግን የትኛውም ዓይነት እብጠት ቢሆን ይመረመራል። ታካሚው ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ አንድ ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን ይውጣል፤ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ደም ይሰጣል። መድኃኒቱ ለአንጎል «ኮርቲሶል በቂ ነው» ብሎ ስለሚናገር ጤነኛ አድሬናል ሥራውን ያቆማል፤ የጠዋቱ ኮርቲሶልም በዴሲሊትር 1.8 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። እብጠቱ በራሱ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ ትእዛዙን አይሰማም። እንዲህ ያለው ሰው የፊት መንፋትና የቆዳ መሸንተር ባይታይበትም የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የአጥንት መሳሳት ሊጫነው ስለሚችል፣ ዕድሜውና ሕመሞቹ ታይተው እብጠቱ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ይወሰናል። ከወጣ ደግሞ ሌላኛው አድሬናል ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ስለቆየ እስኪነቃ ድረስ ታካሚው ሃይድሮኮርቲሶን ሊወስድ ይገባል።

የሴትዮዋ ውጤት 9.4 ሆነ። የላቦራቶሪ ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው እብጠቱ ኮርቲሶል እያመነጨ ነው ሊል ይችላል። ይሁንና ለሳንባ ነቀርሳ የሚወስዱት ሪፋምፒሲን ጉበት ዴክሳሜታሶንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ መድኃኒቱ ጠዋት ሳይደርስ ካለቀ ለአንጎል የሚነግረው የለም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንደዚሁ ያደርጋሉ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ደግሞ በሌላ መንገድ፣ ኮርቲሶልን በደም ውስጥ የሚሸከመውን ፕሮቲን በማብዛት ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ለዚህ ምርመራ ክኒኑን መዋጥና ሰዓቱን መጠበቅ ብቻ አይበቃም፤ ታካሚው የሚወስደው ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። የነቀርሳ መድኃኒት ግን ለዚህ ሲባል አይቋረጥም።

ነቀርሳው ራሱ አድሬናልን ሊያጠቃ ይችል ነበር። ሲያጠቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዕጢዎች ነው፤ የሚያስከትለውም የሆርሞን እጥረት ነው። በአንድ ወገን ብቻ ያለ፣ ስብ የሞላበት እብጠት ከዚህ ጋር አይሄድም። ስለዚህ የስድስት ወሩ ሕክምና እስኪያልቅ ተጠበቀ፤ ሪፋምፒሲን ከቆመ ከአንድ ወር በኋላ ምርመራው ተደገመ። ኮርቲሶሉ 1.3 ሆነ። ሴትዮዋ ለእብጠቱ ሲባል ሌላ ምስል አልታዘዘላቸውም፤ ቀጣዩ ቀጠሯቸው ለደም ግፊታቸው ብቻ ነበር።