ለእናት የማይነገረው

አዲስ አበባ የሚማር የክፍለ ሀገር ልጅ እናቱ ስትደውል «ደህና ነኝ» ይላል፤ ሌላ ምን ይበል? የቀረውን ለወረቀት መንገር ይችላል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከርና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ገቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለ3 ቀናት፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ስለ አዲሱ ሕይወታቸው የሚሰማቸውን ጻፉ። ሌሎቹ ተራ ርዕስ ተሰጣቸው። በቀጣዮቹ ወራት ስሜታቸውን የጻፉት ሐኪም ዘንድ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው። የቤት ናፍቆታቸው ግን ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ ከሌሎቹ በርትቶ ተገኘ! ጽሑፍ ማደንዘዣ አይደለም።

«ብቸኛ ነኝ» ብሎ ማቆምም ብዙ አያስኬድም። «ዛሬ እሁድ ነው፤ የዶርም ልጆች ዘመድ ቤት ምሳ ሄዱ፤ የእህቶቼ ጭቅጭቅ ናፈቀኝ» ሲባል ግን የጎደለው ምን እንደሆነ ይታያል። በየቀኑ ያው ዓረፍተ ነገር ከተደጋገመ ደብተሩን ከድኖ ሰው ፈልጎ ማውራት ይሻላል።