ውሃው ስንተኛው ስላይድ ላይ ይምጣ?

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ክፈፎች ከፋፍሎ የሚያሳየውን ባህላዊ ሥዕል ሳታዩት አትቀሩም። ብዙ ጊዜ 44 ክፈፎች አሉት። ኢንስታግራም ላይ በጣት እየገፋን የምናየው ካሩሰልም የእሱ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ልዩነታቸው፣ ሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው መጨረሻውንም አብሮ ያየዋል፤ ካሩሰል ግን ቀጣዩን ይደብቃል። ልብ የሚሰቀለው እዚህ መደበቂያ ላይ ነው።

እዚህ ልደታ ከጓደኞቼ ጋር ከታሪኩ አንዷን ሌሊት ብቻ ወስደን በ7 ስላይድ ሠራናት። የመጀመሪያው ሙከራችን ከሸፈ። ሽፋኑ ላይ «ማክዳ በውሃ የተሸነፈችበት ሌሊት» ብለን ጽፈን ነበር። በቃ፣ ታሪኩ እዚያው አለቀ!

ሁለተኛው እንዲህ ሆነ።

1. ማክዳ ከሰሎሞን ቤት ምንም ላትወስድ ማለች። እስኪነጋ ትጠብቀው ይሆን?
2. ከመሃላው በፊት የበላችው ራት ቅመም የበዛበት፣ የሚያስጠማ ነበር።
3. አገልጋዩ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ውሃ አስቀምጦ ወጣ።
4. ሰሎሞን የተኛ መሰለ።
5. ጉሮሮዋ ደረቀ።
6. እጇን ዘረጋች።
7. ሰሎሞን እጇን ያዘ። ውሃም «ምንም» ከሚባለው ውስጥ አይደለም፤ መሃላው ፈረሰ።

ልብ በሉ፣ ትልቁ ጥያቄ ከ1 እስከ 7 አልተመለሰም። በመሃል ያለው እያንዳንዱ ስላይድ ግን አንድ ነገር ይጨምርና መሃላውን ለመጠበቅ ይበልጥ ከባድ ያደርገዋል። ሳይጨምር የሚያልፍ ስላይድ ካለ አውጡት። ኢንስታግራም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 20 ይፈቅዳል፤ ተፈቀደ ተብሎ ግን አይሞላም። ጽሑፉም ወደ መጨረሻው እያጠረ መምጣቱን አያችሁ? አንባቢው ሲቸኩል ጣቱን የሚይዝ ረጅም አንቀጽ አያስፈልገውም።

ዋናው ቁልፍ ስላይድ 3 ነው። ውሃው መጀመሪያ የሚታየው 6 ላይ ቢሆን ኖሮ አንባቢው «ከየት መጣ?» ይል ነበር። 3 ላይ ሳያስተውል ስላለፈው ግን 7 ላይ ሲደርስ «ለካ!» ይላል። ታሪኩን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው እንኳ የሚደሰተው ለዚህ ነው፤ የሚያረካው ድንገተኛነቱ ሳይሆን የታሰረው ቋጠሮ በራሱ ገመድ ሲፈታ ማየቱ ነው። ስለዚህ 7ኛውን «ፎሎው አድርጉን» ለሚል ማስታወቂያ አትስጡት።

ከመለጠፋችሁ በፊት ለአንድ ጓደኛችሁ እስከ 6 ብቻ አሳዩና «አሁን ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» በሉት። መልሱ ስላይድ 1 ላይ ካነሳችሁት ጥያቄ ጋር ካልገጠመ መሃሉ ላይ ክሩ ተበጥሷል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቴሌግራም ላይ ፎቶዎቹን በአልበም ከላካችሁ ሁሉም ባንዴ ተደርድረው ይታያሉ፤ እንደ 44ቱ ክፈፎች። እዚያ 7ኛውን ለብቻው፣ ቆየት ብላችሁ ላኩት።