ለአንገት ሌብል የሚሆን ስም

እጀ ረጅም፣ አንገቱ የተዘጋ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ባለጥለት ቀሚስ የሚሠራ ሰው ለሥራው ስም ሲፈልግ መጀመሪያ የሚታየው የሱቁ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ የትኛውም ስም ያምራል። የሚፈተነው ከአንገቱ ውስጥ በምትሰፋው፣ ልብስ ሰፊዎች ሌብል በሚሏት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ነው። ስለዚህ ስም ከማውጣት በፊት ሌብሏን መለካት ይሻላል።

አምስት ሴንቲሜትር ርዝመትና አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ወርድ ያላት ሌብል እንውሰድ። ሁለቱ ጫፎቿ ስድስት ስድስት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ታጥፈው ይሰፋሉ። ከዚያም በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሚሊሜትር ባዶ ካልተተወ ጽሑፉ ስፌቱን ይነካል። ለስሙ የሚቀረው ሦስት ሴንቲሜትር ከሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዚህ ላይ የግዕዙ ፊደል ከላይ፣ የላቲኑ ከታች እንዲሆን ከተፈለገ የላቲኑ ቁመት ከሦስት ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም።

የተሸመነ ሌብል ደግሞ ቀለም አይቀባም፤ ፊደሉ የሚወጣው ክር ከክር ጋር እየተጠላለፈ ነው። ሸማኔ ጥለቱን ክር እየቆጠረ እንደሚያወጣው ሁሉ የሌብሉ ማሽንም ክብ የሆነውን ቅርጽ በደረጃ በደረጃ ይሠራዋል። ለዚህም ነው ፊደሎቻችን በትንሽ ቁመት የሚቸገሩት። የ«ሌ» ቀለበት ሲደፈን «ሊ» ይመስላል፤ በ«ሸ» አናት ላይ ያለችው ሰረዝ ከፊደሉ ጋር ስትጣበቅ «ሰ» ሆኖ ይነበባል። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ የታየ ስም ተሸምኖ ሲመጣ ሌላ ስም የሚሆነው በእነዚህ ጥቃቅን ምልክቶች ምክንያት ነው።

አሁን ስሞቹን እንሞክር። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው «ጥለት»ን ነው። ሦስት ፊደል ነው፤ ሌብሏም ላይ ይበቃል። በላቲን ግን አንዱ Tilet፣ ሌላው Telet ብሎ ይጽፈዋል፤ «ጥ»ም «ት»ም አንድ T ይሆናሉ። ስሙን በጆሮዋ ሰምታ በስልኳ የምትፈልግ ደንበኛ የሌላ ሰው ገጽ ላይ ልታርፍ ትችላለች። ከዚህ የሚከብደው የሕጉ ጉዳይ ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ዕቃውን ከሌላው ለመለየት የማያስችል፣ ምንነቱን ብቻ የሚናገር ቃል ምልክት ሆኖ እንዲመዘገብ አይፈቅድም። ለባለጥለት ልብስ «ጥለት» ማለት የሽሮ ሜዳን ነጋዴ ሁሉ ቃል ለብቻ እንደመያዝ ነው።

«ሸማ»ም እንዲሁ ነው፤ በተጨማሪም እስራኤል ላሉ ወገኖቻችን በላቲን ሲጻፍ በቅድሚያ የሚታወሳቸው የዕብራይስጡ ጸሎት ነው። በአጠቃላይ ቅዱስ ስም ለሌብል አይመከርም። ጨዋ ልብስ የሚገዙት የቤተ ክርስቲያን ምዕመናትም ሙስሊም እህቶችም ናቸው፤ ላብ የሚነካውና ካረጀ በኋላ የሚጣል ጨርቅ ላይ የተቀደሰ ስም ማየት ብዙዎቹን ቅር ያሰኛል።

«ባዘቶ» ግን ልብ ይገባል። ተነድፎ ለመፈተል የተዘጋጀው ጥጥ ነው፤ ከልብሱ ጋር ዝምድና አለው፣ የልብሱ ስም ግን አይደለም። ግዕዙ ሦስት ፊደል፣ ላቲኑ Bazeto ስድስት ናቸው። በጉሮሮ ወይም በጥርስ የሚረገጥ ድምፅ ስለሌለው እንደተሰማ ይጻፋል። ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 በኢትዮጵያ ሸማኔዎች ሥራ ላይ የመሠረተችው lemlem ይህ ጥቅም አለው፤ ስድስቱ ፊደሎች l፣ e እና m ብቻ ናቸው፤ በሌብል ላይ የሚያስቸግር ቅርጽ የላቸውም። የ«ባዘቶ» ደካማ ጎን በ«ቶ» አናት ያለችው ቀለበት ናት፤ ስድስት ሚሊሜትር ቁመት ከተሰጣት ግን ትከፈታለች። መርማሪው የጥሬ ዕቃ ስም ነው ብሎ ሊጠይቅም ስለሚችል ሁለተኛ አማራጭ አብሮ መያዝ ብልህነት ነው።

የንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረ ስም የንግድ ምልክት ምዝገባን አይተካም። ምልክቱ የሚመዘገበው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ልብስ በዓለም አቀፉ ምደባ 25ኛው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ጥበቃው ሰባት ዓመት ሆኖ ይታደሳል። ሌብል በብዛት ከማዘዝ በፊት ተመሳሳይ ስም መኖሩን እዚያ ማጣራት ወጪ ያድናል።

በመጨረሻ ናሙና ማሠራት ያስፈልጋል። ነጭ የሸማ ቀሚስ ስስ ነው፤ ጥቁር ሌብል ከኋላ አንገት ላይ እንደ ጥላ ይታያል፤ ስለዚህ መደቡ ነጭ ወይም የጥጥ ቀለም፣ ጽሑፉ ቡናማ ቢሆን ይመረጣል። አንገቱ የተዘጋ ልብስ ላይ ሌብሏ ቆዳን አጥብቃ ስለምትነካ በሙቀት የተቆረጠው ጫፍ ይቧጭራል፤ ጫፎቹ ወደ ውስጥ መታጠፋቸውን በጣት መዳሰስ ይገባል። ናሙናውን ደጋግሞ አጥቦ፣ ስሙን ለማያውቅ ሰው በክንድ ርቀት ማስነበብ ነው። «ባዘታ» ብሎ ካነበበ ፊደሉ ይተልቃል፤ ለዚያ ቦታ ከሌለ የላቲኑ መስመር ወደ ሌብሏ ጀርባ ይዛወራል።