ንፍሮው ለማን ነው?

ከቀብር የተመለሰ ሰው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ እጁን ይታጠብና ገብቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ብዙም ሳይቆይ ንፍሮ የያዘ ሰው ይመጣና መዳፉ ላይ አንድ ጭብጥ ያኖርለታል፤ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ልጅ ሆኜ ንፍሮ የምንበላው ሌላ ምግብ ለመሥራት ጊዜ ስለሌለ ይመስለኝ ነበር። የሌሎችን ሃይማኖቶች የሐዘን ሥርዓት ማየት ስጀምር ግን ሞት በገባበት ቤት ሁሉ እህል አገኘሁ። የሚለያየው እህሉ ከማን ተነሥቶ ወደ ማን እንደሚሄድ ነው። እሱን የተከተለ ሰው ሥርዓቱ ማንን ለማጽናናት እንደተሠራ ይደርስበታል።

ከአይሁድ ልጀምር፤ እነሱም ከመቃብር ሲወጡ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከቀብር በኋላ ሐዘንተኛው የሚቀምሰው የመጀመሪያ ምግብ ከራሱ ጓዳ መውጣት የለበትም። ጎረቤት ያመጣለታል፤ ብዙውን ጊዜም የተቀቀለ እንቁላልና ምስር ነው። የጥንት መምህራኖቻቸው ምስር የተመረጠበትን ምክንያት ሲያስረዱ እንደ ባቄላ መሰንጠቂያ፣ ማለትም አፍ፣ የለውም ይላሉ። ሐዘንተኛም አፍ የለውም። ክብነቱ ደግሞ ሐዘን እንደ መንኮራኩር ከቤት ቤት እየዞረ የሚመጣ መሆኑን ያሳያል። ታልሙድ እንደሚተርከው በድሮ ጊዜ ይህ ምግብ ለሀብታም ቤት በብርና በወርቅ ዕቃ፣ ለድሃ ቤት በአኻያ ቅርጫት ይወሰድ ነበር። ድሆች አፈሩ። ስለዚህ ለሁሉም በአኻያ ቅርጫት ብቻ እንዲወሰድ ተደነገገ።

ቀጥሎ ያለው ሰባት ቀን ሺቫ ይባላል፤ ትርጉሙም ሰባት ነው። ሐዘንተኛው በዝቅተኛ መቀመጫ ይቀመጣል፣ የቆዳ ጫማ አያደርግም፣ አይላጭም፣ ወደ ሥራ አይሄድም። በብዙ ቤቶች መስታወቶች ይሸፈናሉ። በር አይቆለፍም፤ የሚመጣ ሰው አያንኳኳም፣ ሐዘንተኛውም ተነሥቶ እንግዳ አይቀበልም። ከሁሉ የገረመኝ ግን የጠያቂው ግዴታ ነው። ሐዘንተኛው ራሱ አፉን እስኪከፍት ድረስ ጠያቂው ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። ምሳሌው የኢዮብ ወዳጆች ናቸው፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው አንድም ቃል አልተናገሩም። ማበላሸት የጀመሩት መናገር ሲጀምሩ ነው። እኛ ግን ድንኳን እንደገባን «እንዴት ሆነ? ምን ነበር ያመመው?» ብለን ሐዘንተኛውን ያንኑ ታሪክ ለሃምሳ ሰው እናስደግመዋለን።

አቆጣጠሩም ርኅራኄ አለበት። ሰው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢቀበር ሰኞ ራሱ አንደኛ ቀን ይሆናል። ቅዳሜ ስድስተኛው ቀን ነው፤ ሰንበት ስለሆነ በይፋ አይታዘንም፣ ልብስ ተለውጦ ምኩራብ ይኬዳል። እሑድ ሰባተኛው ቀን ሲሆን እስኪመሽ አይጠበቅም፤ ከጠዋት ጸሎት በኋላ ሐዘንተኛው ከዝቅተኛው መቀመጫ ይነሣል። በብዙ ቦታ ከሰዎች ጋር ሆኖ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ይዞራል። እግሩ መንገድ ለመደ ማለት ነው። ከዚያ ከቀብሩ እስከ ሠላሳኛው ቀን ድረስ ቀለል ያለ ሐዘን ይከተላል፤ ለእናትና ለአባት ብቻ እስከ ዓመት ይሄዳል። ታልሙድ ልኩን ሲያስቀምጥ ሦስት ቀን ለእንባ፣ ሰባት ለሙሾ፣ ሠላሳ ጠጉር ላለመቆረጥ ካለ በኋላ፣ ከዚህ አልፎ ለሚያዝን ሰው እግዚአብሔር ከእኔ የበለጠ ለሟቹ አትራራም ይለዋል ይላል። ይህ ሥርዓት የተሠራው በዋነኛነት ለቀሪው ነው። ለሟቹ የሚደረገው ልጁ አሥር ሰው በተሰበሰበበት የሚያሰማው ካዲሽ የተባለ ጸሎት ነው፤ እሱም ቢሆን ስለ ሞት አንድ ቃል የለውም፣ ሁሉ ምስጋና ነው።

ወደ እስልምና ስንመጣ ለሐዘንተኛ ምግብ የማምጣቱ ትእዛዝ የተወለደበት ቤት ይታወቃል፤ ያ ቤት ደግሞ ከእኛ አገር ጋር ዝምድና አለው። ጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ስደተኞቹ ሙስሊሞች የተናገረው ሰው ነው። ሚስቱ አስማ ቢንት ዑመይስም ልጅ የወለደችው እዚሁ ሐበሻ ምድር ላይ ነበር። በ629 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃዕፈር ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ ባለችው ሙእታ ሲሞት ነቢዩ ሙሐመድ ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ ሥሩላቸው፣ የሚያስጨንቅ ነገር መጥቶባቸዋል ብለው አዘዙ። ሦስት ቀን ከተዋቸው በኋላ ወደ ቤቱ ሄደው ከዛሬ በኋላ እንዳይለቀስ ተናገሩ፤ ጸጉር ቆራጭ አስጠርተውም የልጆቹን ራስ አስላጩ። የሦስቱ ቀን ልክ ይህ ነው። እንባ አልተከለከለም፤ ነቢዩም ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። የተከለከለው ደረት መድቃት፣ ልብስ መቅደድና እየጮኹ ማልቀስ ነው።

ሚስት ግን ሦስት ቀን አይበቃትም። ቁርኣን አራት ወር ከአሥር ቀን ይሰጣታል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ነው። ዒዳ በሚባለው በዚህ ጊዜ አትኳልም፣ ሽቶ አትቀባም፣ ለጌጥ የተቀለመ ልብስ አትለብስም፣ የምታድረው በቤቷ ነው። ከውጭ ሲታይ እስር ይመስላል። አንዱ ምክንያት ጽንስ ካለ አባቱ እንዲታወቅ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ በዚያ ጊዜ ማንም ወንድ በግልጽ ለጋብቻ ሊጠይቃት አይችልም። ባሏ በሞተ ማግስት ዘመድ ተሰብስቦ ለማን እንደምትዳር እንዳይማከርባት አጥር ተሠርቶላታል። ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ ምርጫው የራሷ ነው፤ አስማ ራሷ ኋላ አቡ በክርን አግብታለች።

በእነዚህ በሁለቱ ሃይማኖቶች እህሉ ወደ ሐዘን ቤት ይገባል። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ ከቀብር በኋላ በሟች ቤት ተሰብስቦ ምግብ ማሠራትን እንደ ሙሾ እንቆጥረው ነበር እስከ ማለት ደርሷል። ዛሬም በብዙ ሙስሊም አገሮች በአርባኛው ቀን የሚደረገውን ሰደቃ የሚነቅፉ ሰዎች የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው።

በሂንዱዎች ዘንድ እህሉ የሚቀርብለት ሌላ ነው፤ ሟቹ ራሱ። ሥጋው በእሳት ስለተቃጠለ ነፍሱ ሥጋ የላትም ተብሎ ይታመናል። ልጁ ራሱን ተላጭቶ ለአሥር ቀን ፒንዳ የሚባል የሩዝ ድቡልቡል ያቀርባል፤ በየቀኑ ከሚቀርበው አንዱ የአዲሱን አካል አንድ ክፍል ይሠራል፣ ከራስ ጀምሮ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሟቹ ፒንዳ ሦስት ቦታ ተቆርጦ ከአባቱ፣ ከአያቱና ከቅድመ አያቱ ፒንዳ ጋር ይደባለቃል። በዚህ ተንከራታች መንፈስ መሆኑ ቀርቶ ከአባቶቹ አንዱ ይሆናል። በማሃራሽትራ በአሥረኛው ቀን ሩዙ ወንዝ ዳር ይቀመጥና ቁራ ይጠበቃል። ቁራው ካልነካው ሟቹ የቀረበት ነገር አለ ማለት ነው። ያኔ ዘመዶች ጮክ ብለው ቃል ይገባሉ፦ ልጅህን እንድራለን፣ ዕዳህን እንከፍላለን። አሁንም ቁራው እምቢ ካለ ከሣር ቁራ ሠርተው ሩዙን ያስነኩታል። እኔ በዚህ ልምድ ላይ አልስቅም። ሟቹ በሕይወት ሳለ ያልተነገረውን ነገር በምስክር ፊት የሚያስወጣ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ድንኳን እንመለስ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት እህሉ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት አቅጣጫ ይጓዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ውስጥ ነው። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ በንጋት ይዞራል፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ይመጣል፤ ሴቶች በየተራ እንጀራና ወጥ ያመጣሉ። ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ይህ ከመርዶ ይቀድማል፦ አገር ቤት እናቱ የሞተችበት ሰው ሳይሰማ ወዳጆቹ ተደዋውለው ምግቡን ያበስላሉ፣ ከዚያ ገና ሳይነጋ በሩን ያንኳኳሉ። እህሉ ከመርዶው እኩል ይገባል።

ሁለተኛው ጉዞ ወደ ውጭ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከፍትሐቱ በኋላ ሟቹን በሣልስት፣ በሰባት፣ በአሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በዓመት ታስባለች። ሣልስት የጌታ ትንሣኤ የተፈጸመበትን ቀን፣ አርባ ዕርገቱን ያስታውሳል። በተዝካር ቀን የሚበሉት ካህናትና የኔ ቢጤዎች ናቸው፤ የሚከፍሉትም «ነፍስ ይማር» በማለት ነው። ይህ ጥልቅ ቁስል ይነካል። ሰው ሲሞት ቀሪውን የሚያቃጥለው ከእንግዲህ ምንም ላደርግለት አልችልም የሚለው ነው። ተዝካር፣ ትችላለህ፣ ገና አርባ ቀን አለህ ይለዋል። በእናቱ አልጋ አጠገብ ያልነበረ ልጅ ለአርባዋ ሲደክም ያየ ሰው ይህን ለማመን ክርክር አያስፈልገውም።

ችግሩ የሚገባበትም በር ይኸው ነው። ለነፍስ የሚደረግ ነገር ልክ የለውም። ጎረቤት የሚቆጥረው የበላውን ድሃ ሳይሆን የታረደውን በሬ ይሆናል፤ የእርሻ በሬ ታርዶ ተዝካር የወጣበት ቤት በክረምቱ ጥማድ ፍለጋ ሰው ይለማመጣል። ተዝካሩ መንገድ መሳቱን ማወቅ ቀላል ነው፦ የኔ ቢጤው ከአጥር ውጭ፣ ባለ መኪናው ውስጥ ከተቀመጠ ስቷል። አይሁድም ይህን ቀምሰዋል። የቀብር ወጪ ከሞቱ በላይ ዘመድን እየከበደው ሬሳ ጥሎ እስከ መሸሽ ሲደርስ፣ ራባን ገማልያል የተባለው መምህራቸው እሱ ሲሞት በተራ የተልባ እግር ልብስ እንዲቀበር አደረገ፤ ሕዝቡም ተከተለው። እኛ ዘንድም ለድግሱ የታሰበውን ገንዘብ ለገዳም ወይም ለችግረኛ የሚሰጡ ቤተሰቦች አሉ። ፍትሐቱና ቅዳሴው በዚህ አይጎድልም።

እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን መሃል ላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። በሣልስት ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ወንበሩ ይጫናል፣ ሩቅ ዘመድ ይሄዳል። አይሁድ ገና አራት ቀን ይቀራቸዋል፤ የሙስሊሟ ሚስት አራት ወር አላት። እኛ ቤት አርባው እስኪደርስ በየቀኑ የሚመጣ ሰው በደንብ የተመደበ አይደለም፤ በዚያ ሳምንት ሐዘንተኛ በራሱ ምድጃ ላይ እሳት አንድዶ አንድ ሰሃን አጉድሎ ያቀርባል። ስለዚህ ለቅሶ የምትደርሱ ሰዎች በአራተኛው ቀን ተመልሳችሁ ሂዱ። የበሰለ ነገር ያዙ፣ ይመለስልን በማትሉት ዕቃ አድርጉት። ገብታችሁም እሱ እስኪናገር ዝም በሉ።