የሥራ ማለቂያ ቀን እንዴት ይታሰባል?

«ሥራው 14 ቀን ይፈጃል» ሲባል የሰማ ሰው ሁሉ በመነሻው ቀን ላይ 14 ደምሮ «እንግዲያውስ በዚህ ቀን ያልቃል» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እኔ ይህን ሒሳብ የተማርሁት በዚሁ በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሕንፃ ሥራ ፎርማን ከሆኑት ከአጎቴ ስለ ሆነ፥ ለአንባብያን የማቀርበውም ምሳሌ ከእርሳቸው ሙያ የተወሰደ ነው።

ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍሎች ይሠራሉ እንበል። ግድግዳው ቆሟል፤ የቀረው ሶሌታው ነው። ካሳፎርማ ለማቆም፥ ፌሮ ለማሰርና በመጨረሻው ቀን ኮንክሪት ለመሙላት 14 የሥራ ቀን ያስፈልጋል። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ፑንቴሎው 14 ቀን ሳይነካ እንዲቆይ መሐንዲሱ አዟል። ከዚያ ወዲያ ካሳፎርማውን ለመንቀል፥ ለልስንና ለቀለም 10 የሥራ ቀን ይፈለጋል። ሥራው የሚጀመረው ሰኞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሠራተኞቹ እሑድንና የሕዝብ በዓላትን ያርፋሉ። ርእሰ መምህሩ ወላጆችን ለምረቃ ሊጠሩ ቢፈልጉ ለየትኛው ቀን ይጥሩ? ሦስቱን ቍጥሮች ደምሮ 38 ያገኘ ሰው «ለጥር 14» ይላቸዋል፤ ወላጆቹም መጥተው ልስን ላይ ያለ ግንበኛ ያገኛሉ።

አሁን በጣታችን እንቍጠር። የመጀመሪያው ነገር፥ ሥራው የተጀመረበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ መቈጠሩ ነው። ታኅሣሥ 6 አንደኛው ቀን ከሆነ ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ስድስተኛው ነው። እሑድን ዘለን ሰኞ ታኅሣሥ 13 ሰባተኛው ይሆናል፤ ቅዳሜ ታኅሣሥ 18 ዐሥራ ሁለተኛው። ደግሞ እሑድን ስንዘል ዐሥራ አራተኛው ቀን ማክሰኞ ታኅሣሥ 21 ላይ ይውላል። ሶሌታው የሚሞላው በዚያን ቀን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ባለው በመቆያው ጊዜ ነው። ይህም 14 ቀን ነው፤ ነገር ግን የሥራ ቀን አይደለም። አጎቴን «ጋሼ፥ እሑዱን ልዝለለው?» ብዬ ብጠይቃቸው ሣቁና «ሲሚንቶ መቼ እሑድ ያርፋል ብለህ ነው!» አሉኝ። በእርግጥም ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲሚንቶና ውሃ ሲዋሐዱ ስለ ሆነ፥ ሌሊትም ሆነ በዓል ሥራውን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ውሃ ማጣት ነው፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ውሃው ቶሎ ይተናልና በእነዚያ የመጀመሪያ ቀኖች ግንበኛው ቢያርፍም ውሃ የሚያጠጣው ዘበኛ አያርፍም።

ስለዚህ መቆያው ከታኅሣሥ 22 ጀምሮ እሑዱንም ገናንም ሳይዘል ተቈጥሮ ማክሰኞ ጥር 5 ላይ ይፈጸማል። ሁለተኛው ሥራ ረቡዕ ጥር 6 ይጀመራል። ቅዳሜ ጥር 9 አራተኛው ቀን ነው፤ እሑድ ጥር 10 እና ጥምቀት ሰኞ ጥር 11 ይታለፋሉ፤ ማክሰኞ ጥር 12 አምስተኛው ይሆንና ዐሥረኛው ሰኞ ጥር 18 ነው። ወላጆች ለጥር 19 ይጠሩ። መቆያውንም እንደ ሥራ ቀን የቈጠረ ሰው ግን ጥር 21 ያልቃል ስለሚል፥ ግንበኞቹን ሦስት ቀን ሥራ ያስፈታል። በተቃራኒው የቸኰለና ፑንቴሎውን ያለ ቀኑ ያስነቀለ ሰው ሶሌታውን ያጐብጣል ወይም ይሰነጥቃል።

የዕለቱን ስም ለማረጋገጥ የእኛ ዘመን አቈጣጠር ጥሩ ነገር አለው። ወሩ 30 ቀን ነውና አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ይሆናል። ታኅሣሥ 6 ሰኞ ከዋለ ጥር 6 ሁለት ቀን አልፎ ረቡዕ ይውላል። ከጳጉሜን ጋር ግን ይህ አይሠራም።

በኮምፒዩተር ኤክሴል ለሚያሰላ ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቈጣጠር ይዛወራል፤ መነሻችን 15/12/2025 ነው። በB1 መነሻውን፥ በB2 14፥ በB4 መቆያውን፥ በB5 10፥ በH1 እና በH2 ገናንና ጥምቀትን ጽፈን፥ እነዚህን በB3 እና በB6 እናስገባለን፦

```
B3: =WORKDAY.INTL(B1-1,B2,11,H1:H2)
B6: =WORKDAY.INTL(B3+B4,B5,11,H1:H2)
```

11 ማለት የሚታረፈው እሑድ ብቻ ነው ማለት ነው። ቀመሩ መነሻውን ቀን ስለማይቈጥር በB3 አንድ ይቀነሳል፤ በB6 ግን ሥራው ከመቆያው ማግስት ስለሚጀመር አይቀነስም። መልሱ 26/01/2026 ነው፤ ይኸውም ጥር 18።

አንድ ነገር ቀረኝ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። በ2018 እሑድ ላይ ቢውልም፥ በዋዜማው ቅዳሜ ግማሹ ሠራተኛ ወደ ቁልቢ ከተነሣ ያ ቀን ከሥራ ይወጣል፤ ሶሌታው ታኅሣሥ 22 ይሞላል፥ ፍጻሜውም ጥር 19 ይሆናል። ይህን በዓል የመንግሥት የበዓላት ዝርዝር አይነግራችሁም፤ ፎርማኑን መጠየቅ ነው። ዒድ በሚውልበት ወቅት የሚሠራ ደግሞ በዓሉ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ሁለት የማለቂያ ቀን አስልቶ የኋለኛውን ይናገር።