«ማታ» እና «ሚኒ» ለምን ይጋጫሉ?

ኮምፒውተር አንድን ቃል ከብዙ ሺህ ቃላት መካከል ቶሎ እንዲያገኝ ከተፈለገ፣ ቃሉ የሚቀመጥበት ቦታ ከራሱ ከቃሉ ተሰልቶ መውጣት አለበት። ይህን ስሌት የሚሠራው ሀሽ ፈንክሽን ይባላል። ፊደላቱን ተቀብሎ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ለሰንጠረዡ ሣጥኖች ብዛት ይካፈልና ቀሪው የሣጥኑ ቁጥር ይሆናል። ሰንጠረዡ 1,024 ሣጥኖች ካሉት ቀሪው ከ0 እስከ 1,023 ነው። ቃሉ በኋላ ሲፈለግ ያው ስሌት ይደገምና በቀጥታ ወደዚያው ሣጥን ይኬዳል።

ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ ሣጥን ሲደርሳቸው ግጭት ተፈጠረ ይባላል። ሊኖሩ የሚችሉ ቃላት ከሣጥኖቹ እጅግ ስለሚበዙ ግጭትን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። በአንድ ሣጥን ሁለት ሦስት ቃላት ቢገኙ እነሱን አንድ በአንድ ማነጻጸር ቀላል ነው። አምስት መቶ ቃላት አንዱ ሣጥን ውስጥ ታጭቀው ሌላው ባዶውን ከቀረ ግን ሰንጠረዡ ተራ ዝርዝር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ሀሽ ፈንክሽን ጥራት የሚለካው ቃላቱን ምን ያህል በትኖ እንደሚያስቀምጥ ነው።

ለኮምፒውተር እያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሀ 4608 ሲሆን፣ እያንዳንዱ የሆሄ ቤት ስምንት ተከታታይ ቦታ ይይዛል፤ ከግዕዙ እስከ ሳብዑ ሰባት፣ ስምንተኛው ደግሞ እንደ ሏ ላሉት። በዚህ መሠረት ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 እያለ ይቀጥልና በፗ 4951 ላይ ይደርሳል። ከሀ እስከ ፗ 344 ቦታዎች አሉ፤ ጥቂቶቹ ክፍት ናቸው።

መጀመሪያ የሚታሰበው ዘዴ የሆሄያቱን ቁጥሮች መደመር ነው። ችግሩ ድምር ቅደም ተከተልን አለማወቁ ነው። «በረደ» 4704፣ 4648 እና 4848 ሲደመሩ 14200 ነው፤ «ደበረ» እነዚያኑ ሆሄያት በሌላ ተራ ስለያዘ እሱም 14200 ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የድምሩ ክልል መጥበቡ ነው። ባለ ሦስት ሆሄ ቃላት በሙሉ ተደምረው ሊሰጡ የሚችሉት የተለያየ ውጤት 1,030 ብቻ ነው። ሰንጠረዡ አንድ ሚሊዮን ሣጥኖች ቢኖሩት እንኳ እነዚህ ቃላት ከ1,030 ሣጥኖች አይወጡም።

ቅደም ተከተልን የሚያከብረው መንገድ ከተራ ቁጥር አጻጻፍ የተወሰደ ነው። 25 እና 52 የሚለያዩት ሁለቱ የአንድ ቤትና የአሥር ቤት ስላሏቸው፣ የአሥር ቤቱም አኃዝ በ10 ስለሚባዛ ነው። ፖሊኖሚያል ሀሽም ልክ እንደዚሁ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቤት ይሰጣል። አንድ መሠረት ቁጥር B ይመረጥና፣ የመጨረሻው ሆሄ እንዳለ ይወሰዳል፣ ከእሱ በፊት ያለው በB፣ ከዚያ በፊት ያለው በB ስኩዌር እየተባዛ ይደመራል። ሲሠራ ከግራ ጀምሮ እስካሁን የተገኘውን በB እያባዙ ቀጣዩን ሆሄ መጨመር ይበቃል፦

```
h = 0
for c in s:
    h = h * B + ord(c)
slot = h % M
```

B 31 ሲሆን «በረደ» 4669480፣ «ደበረ» 4809400 ይሆናሉ። ተለያዩ።

31 እንዲያው የተጠራ ቁጥር አይደለም፤ ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ `String.hashCode` በሚለው ተግባሩ የሚጠቀምበት መሠረት ነው። በ32 ማባዛትና አንድ ጊዜ መቀነስ ለማሽን ቀላል ስለሆነ ፈጣን ነው፤ ለእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላትም ይበቃል፤ 26 ብቻ ናቸውና። የአማርኛ ሆሄያት ግን በ344 ቦታ ላይ የተዘረጉ ናቸው፤ ጉዳቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአሥር ቤት አጻጻፍ የአንድ ቤቱ አኃዝ እስከ 20 እንዲሄድ ቢፈቀድ፣ 1 እና 15 ተጽፎ 25 ይሆናል፤ 2 እና 5 ተጽፎም 25 ነው። አኃዙ ከመሠረቱ ሲበልጥ ወደ ጎረቤቱ ቤት ይፈስሳል።

«ማታ» 4635 እና 4723 ነው፤ 4635 በ31 ተባዝቶ 4723 ሲጨመርበት 148408 ይሆናል። «ሚኒ» 4634 እና 4754 ነው፤ ውጤቱ ያው 148408። የመጀመሪያው ሆሄ ከራብዕ ወደ ሣልስ በአንድ ሲወርድ 31 ይጎድላል፣ ሁለተኛው ከታ ወደ ኒ ሲሄድ ያንኑ 31 ይመልሳል። «ዘሪ» እና የባሕር ጠረፏ «ዙላ»ም በዚሁ ምክንያት እኩል 154194 ይሰጣሉ። ጥንዶቹ የተናጠል አጋጣሚዎች አይደሉም፦ የሁለት ሆሄያት ቅንጅት ከመቶ ሺህ ሲበልጥ፣ በመሠረት 31 የሚገኘው ውጤት 11 ሺህ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ B ከ344 ይብለጥ። ግን መብለጡ ብቻውን አይበቃም። አንድ ሰው ለኮምፒውተር ይመቻል ብሎ 512ን ቢመርጥና ሰንጠረዡ 1,024 ሣጥኖች ቢኖሩት፣ 512 ስኩዌር ለ1,024 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ሆሄያት በፊት ያለው ሁሉ ከስሌቱ ይጠፋል። ከመጨረሻው በፊት ያለውም ሆሄ የሚቀርለት ነገር ቁጥሩ ተጋማሽ መሆን አለመሆኑ ብቻ ነው። «ልጆች»፣ «ቤቶች»፣ «ሰዎች»፣ «ወንበሮች» የሚሉትን እንመልከት። ሁሉም በች ያበቃሉ፤ ከች በፊት ያለው ሆሄ ሁልጊዜ ሳብዕ ነው፤ የሳብዕ ሆሄያት ቁጥር ደግሞ ሁሉም ተጋማሽ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የበዛ የአማርኛ ስም ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ 637ኛው ሣጥን ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ስህተት የሚታወቀው የሣጥኖቹን ይዘት በመቁጠር ነው፤ አንዱ ሞልቶ ብዙዎቹ ባዶ ከሆኑ መሠረቱና የሣጥኑ ብዛት የጋራ አካፋይ እንዳላቸው መጠርጠር ይገባል። መፍትሔው የጋራ አካፋይ የሌላቸውን መምረጥ ነው፤ ለምሳሌ 1009ን፣ ብቸኛ ቁጥር ከመሆኑም በላይ ከ344 ይበልጣልና። ከ1009 ጋር ባለ ሁለትም ሆነ ባለ ሦስት ሆሄ ቃላት ለሣጥን ከመካፈላቸው በፊት ፈጽሞ አይጋጩም።

የሚቀረው አደጋ ሆን ተብሎ የሚፈጠር ግጭት ነው። መሠረቱ 31 መሆኑን የሚያውቅ ሰው «ማታ»ንና «ሚኒ»ን እየቀጣጠለ «ማታማታ»፣ «ማታሚኒ»፣ «ሚኒማታ»፣ «ሚኒሚኒ» ቢል አራቱም እኩል ናቸው። አሥር ጊዜ ከተቀጠለ 1,024፣ አሥራ ስድስት ጊዜ ከተቀጠለ 65,536 እኩል ቃላት ይገኛሉ። እነዚህን አንድ ሣጥን ውስጥ እያነጻጸሩ ማስገባት ወደ ሁለት ቢሊዮን ማነጻጸር ይጠይቃል። በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በተደረገ የደኅንነት ጉባኤ፣ ድረ ገጾችን በዚህ መንገድ ማሽመድመድ እንደሚቻል ታይቷል። ጃቫ 31ን መለወጥ ስላልቻለ፣ በ2014 ከወጣው ስምንተኛ እትሙ ጀምሮ የተጨናነቀውን ሣጥን ከዝርዝር ወደ ዛፍ ይቀይራል።

ሌላው መከላከያ B በፕሮግራሙ መነሻ ላይ በዕጣ እንዲወጣ፣ ስሌቱም በአንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ቀሪ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሁለት ቃላት የሚጋጩት የፖሊኖሚያሎቻቸው ልዩነት ዜሮ ሲሆን ነው፤ ባለ 20 ሆሄ ቃላት ልዩነት ደግሞ ከ19 በላይ ሥር ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ከቢሊዮን ቢሊዮን መሠረቶች መካከል ሁለቱን ሊያጋጩ የሚችሉት ቢበዛ 19 ናቸው። የ«ማታ» እና የ«ሚኒ» ልዩነት B ሲቀነስ 31 ነው፤ ዜሮ የሚሆነው B 31 ሲሆን ብቻ ነው።